ረቂቁን ያነበበው ሰው ምን አለ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1924 የኒው ዮርኩ አርታኢ ማክስዌል ፐርኪንስ ለደራሲው ለስኮት ፊትዝጄራልድ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ፊትዝጄራልድ ያኔ ከነቤተሰቡ አውሮፓ ነበር። ሦስተኛ ልቦለዱን ጨርሶ ረቂቁን ልኳል፣ መልስም ይጠብቃል። ያ ረቂቅ ዛሬ «ታላቁ ጋትስቢ» እየተባለ የሚታወቀው መጽሐፍ ነው። ፐርኪንስ በሙያው አርታኢ ቢሆንም፣ በዚያ ደብዳቤ ላይ ያደረገው ነገር ማንም ጠንቃቃ አንባቢ ሊያደርገው የሚችለው ነው። የሰው ረቂቅ አንብቦ የሚጠቅም አስተያየት መስጠት ምን እንደሚመስል ከእሱ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ፊትዝጄራልድ የሰጠው ምላሽ ደግሞ ደራሲ የተሰጠውን አስተያየት እንዴት እንደሚያበጥር ያሳያል።

ፐርኪንስ በመጀመሪያ የወደደውን ተናገረ። «ግሩም ነው» ብሎ አላለፈም፤ የትኛው ትዕይንት፣ የትኛው ምስል እንደያዘው ለይቶ አነሳ። ከዚያ ስድስተኛውና ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ታሪኩ ትንሽ እንደሚረግብ ጻፈ። ፊትዝጄራልድ ራሱም ይህን ጠርጥሮ ነበርና ጥርጣሬው ልክ መሆኑን አረጋገጠለት። መፍትሔውን ግን እንደማያውቀው በግልጽ ተናግሮ ለደራሲው ተወለት።

ቀጥሎ ወደ ዋናው ገጸ ባሕርይ መጣ። ቶም ቡካነንን መንገድ ላይ ቢያገኘው እንደሚለየው፣ ጋትስቢ ግን ደብዛዛ እንደሆነበት፣ የአንባቢ ዓይን ሊያርፍበት እንደማይችል ገለጸ። ሰውየው በመጽሐፉ ከተነገረው ዕድሜ ይልቅ በጣም የገፋ መስሎ እንደሚታይም ጠቆመ። የሀብቱ ምንጭ ፈጽሞ አለመነገሩ ሌላው ነጥብ ነበር። ፐርኪንስ ምስጢሩ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን እንደሚረዳ ከገለጸ በኋላ፣ እዚህም እዚያም ፍንጭ ቢጣል ምን ይመስልሃል ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻም የጋትስቢ የሕይወት ታሪክ በአንድ ቦታ ተጠቅልሎ መነገሩ፣ ሌላው ሁሉ በራሱ ፍሰት ከሚወርድበት አካሄድ ወጣ ያለ እንደሆነ አነሳ።

ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። ፐርኪንስ ችግሩ ያለበትን ቦታ በምዕራፍ ጠቆመ። በዚያ ቦታ ሲያነብ ምን እንደሆነ ተናገረ። ደራሲው ሊያደርግ የፈለገውን ነገር ከተሳካለት ነገር ለየ፤ ምስጢራዊነቱን ሳይነካ ድብዛዛነቱን ብቻ ተቸ። የደራሲውን ዓረፍተ ነገር በራሱ ዓረፍተ ነገር አልተካም።

ይህ ለእኛ ደራሲዎች ቅርብ ጉዳይ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። በጸሐፊውና በማተሚያ ቤቱ መካከል ብዙ ጊዜ አርታኢ የለም። ያለው ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ እህት፣ የቀድሞ የአማርኛ መምህር ነው። ረቂቁ በፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም ይላካል፤ ከሳምንታት በኋላ «በጣም ቆንጆ ነው፣ በርታ» የሚል መልስ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሦስት ገጽ በ«ሰ» እና በ«ሠ»፣ በ«ሀ» እና በ«ኀ» እርማት ሞልቶ ይመልሳል። የመጀመሪያው ደራሲውን አስደስቶ ምንም ሳያስጨብጠው ይሄዳል። ሁለተኛው ደክሟል፣ ድካሙ ግን ያለ ጊዜው ነው፤ ነገ ሊቆረጥ በሚችል ምዕራፍ ላይ ፊደል ማረም የሁለቱንም ጊዜ ይበላል። የፊደል እርማት መልኩ ለጸና ጽሑፍ ነው። ለረቂቅ አንባቢ ሥራው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያ ንባቡን መዝግቦ ማስረከብ።

የመጀመሪያ ንባብ አንዴ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ ሰው ዳግመኛ አለማወቅ አይችልም። ደራሲው ደግሞ ይህን ንባብ በራሱ ጽሑፍ ላይ ከቶ አያገኘውም፣ ሁሉን ያውቃልና። ስለዚህ አንባቢ ምልክት ማድረግ ያለበት እያነበበ እንጂ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ አይደለም። ከጨረሰ በኋላ የሚጻፍ አስተያየት የመጨረሻው ምዕራፍ ጥላ ያጠላበታል። መጨረሻው ያስደሰተው ሰው መሐል ላይ የሰለቸባቸውን ሠላሳ ገጾች ይረሳል።

አራት አጫጭር ምልክቶች ይበቃሉ። «ያዘኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ግራ ገባኝ»፣ «አላመንኩም»። በወረቀት ከሆነ በኅዳጉ ላይ፣ በስልክ ከሆነ የገጹን ቁጥር ጠቅሶ በማስታወሻ ላይ። አንባቢ ለሌሊቱ ያቋረጠበትን ገጽም ቢጽፍ ጥሩ ነው። ሰው እንቅልፍ ሲመጣው ያቆማል፤ ግን የሚይዝ ምዕራፍ እንቅልፍን ጥቂት ያቆየዋል፣ የረገበው ደግሞ ይጋብዘዋል። አምስት ሰዎች በየራሳቸው ሌሊት ተመሳሳይ ምዕራፍ ላይ ካቆሙ ደራሲው ከማንኛውም ረጅም ትችት የበለጠ መረጃ አግኝቷል።

«አላመንኩም» የሚለው ምልክት ለእኛ ሰው ከባድ ነው። በተለይ ደራሲው በዕድሜ የሚበልጥ፣ «ጋሼ» ብለን የምንጠራው ከሆነ አንደበት ይያዛል። እዚህ ላይ የሚረዳው ስለ ጽሑፉ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ስለ ራስ ንባብ መመስከር ነው። «ጋሼ፣ ይህች ሴት በደንብ አልተሳለችም» ማለት ፍርድ ነው፤ መልሱም ክርክር ይሆናል። «ጋሼ፣ መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቅር ስትለው አላመንኳትም፤ እስከዚያ ድረስ ቂሟን ነበር የያዝኩት» ማለት ግን ምስክርነት ነው። ማንም «የለም፣ አምነሃታል» ሊል አይችልም። ትሕትናውም ሳይጎድል ቁም ነገሩ ይደርሳል።

ንባቡ ሲያልቅ አንባቢው ረቂቁን ሳይገልጥ ታሪኩን በአሥር ዓረፍተ ነገር ያህል ቢጽፍ ለደራሲው ትልቅ ውለታ ነው። በዚያ አጭር ትረካ ውስጥ የጠፋው ገጸ ባሕርይ፣ የተዘለለው ክስተት፣ የተገለበጠው ምክንያት ደራሲው ጽፌዋለሁ ብሎ የሚያስበውና አንባቢው የደረሰው ነገር የት እንደተለያዩ ያሳያሉ። የመፍትሔ ሐሳብ ካለ መጨረሻ ላይ፣ ከምስክርነቱ ተለይቶ ይምጣ። ፐርኪንስም ቢሆን ሐሳብ አቅርቧል፤ ግን ችግሩን አስቀድሞ አስቀምጦ ነው። መፍትሔው ብቻውን ሲመጣ ችግሩ ይደበቃል።

አሁን ወደ ደራሲው ወገን እንሻገር። ፊትዝጄራልድ በታኅሣሥ ወር ከሮም መለሰ። መልሱ ውስጥ ድንቅ ነገር አለ፤ ጋትስቢ ምን እንደሚመስልና በምን ሥራ እንደሚተዳደር እሱ ራሱ እንደማያውቅ፣ ፐርኪንስም ይህ እንደተሰማው አመነ። አንባቢው «አይታየኝም» ያለው ደራሲው ራሱ ስላላየው ነበር። የመጀመሪያ ስሜቱም ጋትስቢን ትቶ ቶም ቡካነን መጽሐፉን እንዲገዛው ማድረግ እንደነበር ነገረው። አስተያየት እንደደረሰ ወዲያው የሚመጣ መፍትሔ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ያቆሰለውን ነገር ቆርጦ መጣል። ፊትዝጄራልድ ግን አልጣለውም፤ ጋትስቢ ከልቡ አልወጣለትም። ሚስቱ ዜልዳ ጣቶቿ እስኪደክሙ ድረስ የጋትስቢን ምስል እንድትስልለት አደረገ። በጊዜው አሜሪካ ውስጥ የታወቀ የአክሲዮን ደላሎች የማጭበርበር ጉዳይም አጠና። ከዚያ በኋላ ሰውየውን ከገዛ ልጁ የበለጠ እንደሚያውቀው ጻፈ።

እርማቱን የሠራው ለኅትመት በተለቀመው ጽሑፍ ላይ፣ በ1925 መጀመሪያ ላይ ነው። ለጋትስቢ ፈገግታ ሰፊ ቦታ ሰጠው። ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ተከማችቶ ከነበረው የሕይወት ታሪክ ከፊሉን ወደ ስድስተኛው አመጣው፤ ድሃው ጄምስ ጋትዝ እንዴት ጋትስቢ እንደሆነ አንባቢው ቀደም ብሎ ይሰማል። ይህ አንድ ዝውውር ሁለት አስተያየቶችን በአንድ ጊዜ መለሰ፤ ተጠቅልሎ የነበረው ታሪክ ተበተነ፣ ረግቦ የነበረው ስድስተኛው ምዕራፍም ክብደት አገኘ። ምስጢሩ ግን አልጠፋም። መጽሐፉ ኤፕሪል 10 ቀን 1925 ታትሞ ወጣ።

ይህን መንገድ በአንድ የአማርኛ ረቂቅ ላይ እናስኪደው። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ታሪክ ነው። ሃያ ምዕራፍ ያለው ልቦለድ እንበል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ቡና የምትሸጥ ወጣት ናት። አባቷ ልጅ ሳለች ጥሏቸው ጠፍቷል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ በድንገት ይመለሳል። በስድስተኛው ምዕራፍ እናቷ ደብቃ ያቆየችው ደብዳቤ ይገኛል፤ አባትየው የሄደው በዕዳ ተይዞ፣ አበዳሪዎቹ ቤቱን እንዳይወርሱበት እንደነበር ያስረዳል። ከዚያ የአጎት ታሪክ ይከተላል፤ በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ልጅቷ አባቷን ይቅር ትላለች።

አራት ሰዎች አንብበው መለሱ። አንዱ «ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ደከመኝ፤ ለሁለት ሳምንት አስቀመጥኩት» አለ። ሌላዋ «አጎትየው ምን ያደርጋል? አውጣው» አለች። ሦስተኛው «ስምንትና ዘጠኝ ላይ ፍቅር ቢገባበት» ሲል መከረ። አራተኛዋ «ይቅርታዋን አላመንኩም» ብላ ጻፈች፤ አያይዛም ልጅቷ በማለዳ ሰባት ሰዓት ቡና ስትቆላ የሚያሳየውን ቦታ ጠቅሳ፣ «ሰባት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ቀትር አልፎ ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት አስበህ ነው?» ብላ ጠየቀች።

የመጨረሻውን ነገር ወዲያው ማረም ይቻላል። የሐቅ ስሕተት ክርክር የለውም፣ የብዙ ሰው ድምፅም አይጠብቅም፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ይበቃል። ለፊትዝጄራልድም እንዲህ ያለ አንባቢ ነበረው። ወዳጁ ደራሲ ሪንግ ላርድነር ለኅትመት የተለቀመውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ሐይቅ ላይ የባሕር ማዕበል መውጣትና መውረድ እንደተጻፈ ጠቆመው። ሐይቁ ሱፒሪየር ነበር። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ጀልባውን የሚያሰጋት ነፋስ ነው።

የቀሩት አስተያየቶች ላይ ነው ማበጠሩ የሚመጣው። በሰው ተለይተው ቢነበቡ እርስ በርስ የማይገናኙ፣ እንዲያውም የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አንዷ ገጸ ባሕርይ ቀንስ ትላለች፣ አንዱ ጨምር ይላል። ደራሲው የሰዎቹን ስም ትቶ በምዕራፍ ቁጥር ቢደረድራቸው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ድካሙ ሰባት ላይ ነው። የአጎትየው ታሪክ የሚጀምረው ሰባት ላይ ነው። ፍቅር የተፈለገው ስምንትና ዘጠኝ ላይ ነው። ያልታመነው ይቅርታ አሥራ አንድ ላይ ነው። አራቱም ከስድስተኛው ምዕራፍ በኋላ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄው «ሰባት ላይ ምን ጎደለ?» ብቻ ሳይሆን «ስድስት ላይ ምን ተፈጸመ?» የሚል ይሆናል። አንባቢ የሚጠቁመው የተሰማውን ቦታ ነው፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ነው። እዚህ ደብዳቤው ተገኝቷል። አንባቢውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይጎትተው የነበረው ጥያቄ፣ አባትየው ለምን ሄደ የሚለው፣ ተመልሷል። ከዚያ ወዲያ የሚጎትት ነገር የለም። አጎትየው ትርፍ የመሰለው በራሱ ትርፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ አንባቢው ምንም ሳይጠባበቅ ስለደረሰበት ነው። ፍቅር የጠየቀውም ሰው ፍቅር ሳይሆን ቀጥሎ የሚጠበቅ ነገር ነው የፈለገው። ይቅርታው ያልታመነው ደግሞ ልጅቷ ምክንያቱን ካወቀች በኋላ አራት ምዕራፍ ሙሉ ስላለፈ ነው፤ ቁጣዋም ሆነ ለውጧ በዚያ መካከል ቀዝቅዟል።

ደራሲው የሦስቱን ምክር ቃል በቃል ቢፈጽም ኖሮ አጎትየውን ያወጣል፣ ፍቅረኛ ያስገባል፣ ይቅርታውንም በሁለት ገጽ እንባ ያጠናክራል፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ግን እንደረገበ ይቀራል። አሁን ግን ደብዳቤውን ከስድስት ወደ አሥር ያዛውረዋል። አጎትየው ደብዳቤው እንዳለ የሚያውቅና የሚሸሽግ ሰው ይሆናል፤ ሥራ አገኘ። ይቅርታው ደብዳቤውን ተከትሎ ይመጣል። አራት አስተያየት በአንድ ዝውውር ተመለሰ፣ ከመካሪዎቹ ግን አንዱም ያንን ዝውውር አልጠቆመም ነበር።

ብዙ ሰው አንድ ቦታ ሲጠቁም ማመን ቀላል ነው። ከባዱ አንድ ሰው ብቻ ያየው ነገር ነው። አንዳንዶች «አንድ ሰው ብቻ ካለው ተወው» የሚል ሕግ ይከተላሉ። እኔ አልስማማም። ፐርኪንስ አንድ ሰው ነበር። መለያው ደራሲው አስተያየቱን ሲሰማ ውስጡ ምን እንዳደረገ ነው። ሲጽፍ ያመነታበት፣ ሳያምንበት ያለፈው ቦታ ላይ ከተነካ ያውቀዋል፤ ፊትዝጄራልድም ያወቀው እንዲሁ ነው። በአንጻሩ ወንጀል ነክ ልቦለድ ብቻ የሚወድ ሰው ቀስ ብሎ የሚሄድ የቤተሰብ ታሪክ ላይ «ግድያ የለውም» ቢል፣ የተናገረው ስለ ራሱ ምርጫ ነው፤ በትሕትና አመስግኖ ማለፍ ይገባል። ስለዚህም ረቂቅ ከመስጠት በፊት ሰውየው በገንዘቡ ገዝቶ የሚያነበው ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ መጠየቅ ብዙ ድካም ያድናል።

የተናጋሪው ክብርም ያሳስታል። ቻርልስ ዲከንስ «ታላላቅ ተስፋዎች» የተባለውን ልቦለዱን ሲጨርስ ፒፕና ኤስቴላ በሐዘን ተለያይተው የሚቀሩበት ፍጻሜ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ወዳጁ፣ ያኔ ዝነኛ የነበረው ደራሲ ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን አንብቦት ፍጻሜው እንዲለወጥ መከረው፤ ዲከንስም የሁለቱን መገናኘት ተስፋ የሚያደርግ ሌላ ፍጻሜ ጻፈ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጓደኛው ጆን ፎርስተር ግን የመጀመሪያው ፍጻሜ ከታሪኩ ጋር ይበልጥ እንደሚሄድ ያምን ነበር፤ የቀድሞውንም ለሕዝብ ያደረሰው እሱ ነው። አንባቢዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ከፎርስተር ጋር ነኝ። ቡልወር ሊተን የተቃወመው የመጽሐፉ ድርና ማግ ያዘጋጀውን ሐዘን ነው፤ ፐርኪንስ ግን ደራሲው ራሱ ሊሠራ የፈለገው ነገር አለመሠራቱን ነው የጠቆመው። አስተያየት ሲደርስ ይህንን መለየት ይጠቅማል፤ ይህ ሰው የጻፍኩትን መጽሐፍ እንዲሻል ይፈልጋል ወይስ ሌላ መጽሐፍ እንድጽፍ?

ስለ አቀባበሉ ጥቂት ልጨምር። አስተያየት የሚሰማ ደራሲ ማስረዳት የለበትም። «እሱኮ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ባለ ቅጽበት አንባቢው ይገባዋል፣ ግን የገባው ከአፉ ነው፤ መጽሐፉን መደብር ውስጥ የሚገዛው ሰው ደራሲውን አጠገቡ አያገኘውም። መጠየቅ ግን ይችላል። «የትኛው ገጽ ላይ?» «ያኔ ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ?» «ስሟን የረሳሃት ሰው አለች?» የሚሉ ጥያቄዎች መልስ ያመጣሉ። «ወደድከው?» የሚለው ጥያቄ ደግ ሰውን ወደ ውሸት ይገፋል። ከንባቡ በፊትም የሚያሳስበውን ቦታ መናገር የለበትም፤ «ሰባተኛው ምዕራፍ ያስጨንቀኛል» ተብሎ የተነገረው አንባቢ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑን አስሎ ይገባል፣ ምስክርነቱም ይበላሻል።

አንባቢ ሁሉ በአንድ ዙር ማለቅ የለበትም። ስድስት ፈቃደኛ ሰው ያለው ደራሲ ሦስቱን ወይም አራቱን አስቀድሞ፣ የቀሩትን ለተሻሻለው ረቂቅ ያቆይ። ደብዳቤው አሥረኛው ምዕራፍ ላይ እየሠራ መሆኑን የመጀመሪያዎቹ አራት ሊነግሩት አይችሉም፤ ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ያውቁታል። አዲሶቹ አንባቢዎች ስለ ተደረገው ለውጥ ምንም ሳይነገራቸው ያንብቡ፤ የሚያቋርጡበት ገጽ፣ የሚደክማቸው ቦታ እንደገና በምዕራፍ ቁጥር ይደርደር። ምልክቶቹ አሁንም ሰባት ላይ ከተከመሩ መንስኤው ገና አልተገኘም ማለት ነው። አንዱ ሦስት ላይ፣ ሌላው አሥራ አምስት ላይ፣ ሌላው ደግሞ መጨረሻው ላይ በየራሱ ምክንያት ምልክት አድርጎ፣ ሁለት ሰው የተገናኘበት ቦታ ከጠፋ ግን የረቂቅ አንባቢዎች ሥራ አልቋል። ያኔ ስለ «ሰ» እና ስለ «ሠ» የሚጨነቀው ወዳጅ ይጠራና ቀዩን ብዕር ይዞ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል።